ስልኬ ደባርቅ ላይ 31 ፐርሰንት እያለው ድርግም ይላል፤ ብብቴ ስር ሳስገባው ይነሳል

ሰሊጥ መዝጋቢ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡10)

ሰላም ጎንደሬዎች። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል።

ሁለት ዓመት መተማ ነበርኩ፣ የሰሊጥ መጋዘን መዝጋቢ ሆኜ። ካለፈው ወር ጀምሮ ደግሞ ደባርቅ ነኝ። ስልኬን ከገዛሁት ሦስት ዓመት ሆኖታል። ባትሪው ላይ 4000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ይላል። መተማ እያለሁ ቶሎ ይጨርስ ነበር እንጂ በድንገት ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ደባርቅ ላይ ግን ሌላ ስልክ ሆነ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ። 31 ፐርሰንት ይላል። ካሜራ ልከፍት ስል ድርግም! መልሼ ላበራው ስሞክር አርማውን ያሳየኝና ይሞታል።

ትላንት የገረመኝ ይሄ ነው። ተናድጄ ጃኬቴ ውስጥ፣ ብብቴ ስር ሸጎጥኩት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ ስከፍተው ተነሳ። 29 ፐርሰንት ይላል። ማንም ቻርጅ አላደረገውም። ታዲያ ያ 29 ፐርሰንት እስከዚያ የት ሄዶ ነበር?

ቅዳሜ ጎንደር እወርዳለሁ። ባትሪ ልቀይር ወይስ ስልኩ ራሱ አብቅቶለታል?

የአዘዞ ልጅ (ማክሰኞ፣ 3፡42)

ወንድሜ ቀላል ነው። ባትሪው ሜሞሪ ይዞበት ነው። ሁልጊዜ 30 ላይ ስትሰካው እሱም 30ን ዜሮ አድርጎ ለመደው። መፍትሔው እስኪጠፋ ተጠቀምበት፣ ከዛ አጥፍተህ 8 ሰዓት ቻርጅ አድርገው። ሦስት ጊዜ ደጋግመው። የኔ እንደዛ ነው የዳነው።

ፒያሳ ጠጋኝ (ማክሰኞ፣ 4፡15)

ኧረ በማርያም፣ ይሄ 8 ሰዓት የሚባል ነገር አሁንም አልሞተም? ሜሞሪ የሚይዙት የድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ነበሩ። የስልክ ባትሪ ሊቲየም ነው፣ ሜሞሪ የሚባል ነገር አያስቸግረውም። እንደውም ዜሮ እያስገባህ በደጋገምከው ቁጥር ታደክመዋለህ።

ግን የአዘዞው ልጅ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። አንድ ጊዜ ጨርሶ መሙላት የፐርሰንቱን ቆጣሪ ያስተካክለዋል። ቆጣሪው ግምት ነው። ባትሪው ሲያረጅ ግምቱ ይዛባል። የዳነልህ ቆጣሪው ነው እንጂ ባትሪው አይደለም።

ሰሊጥ መዝጋቢ፣ ቅዳሜ ባትሪውን ይዘህልኝ ና፤ እለካልሃለሁ። ሳይለካ "ሞቷል" ብሎ መሸጥ የኔ ሥራ አይደለም። እስከዚያ አንድ ጥያቄ፤ መተማ እያለህ ስልኩን የት ነበር የምታስቀምጠው?

ሰሊጥ መዝጋቢ (ማክሰኞ፣ 4፡31)

ብዙውን ጊዜ የጭነት መኪናው ዳሽቦርድ ላይ። እዚያው ተሰክቶ ይውላል። ማታ ደግሞ መጋዘኑ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ቤት ነው። መብራት ሲመጣ ሰክቼ እተኛለሁ። እንደሚሄድ ስለማውቅ 100 ሳይሞላ አላነሳውም ነበር።

ባጃጅ ሹፌር (ማክሰኞ፣ 4፡50)

የኔም ባትሪ እንደዚሁ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይለኛል። ማራኪ ዳገቱ ላይ እያስገፋሁ ነው የማስነሳው። ውሃ ልጨምርበት ወይስ አሲድ? አንዱ አሲድ ጨምር አለኝ።

የአዘዞ ልጅ (ማክሰኞ፣ 4፡53)

ወንድሜ እዚህ ስለ ስልክ ነው የሚወራው 😀

ጡረተኛ መምህር (ማክሰኞ፣ 6፡20)

ልጄ ሰሊጥ መዝጋቢ፣ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። "የት ሄዶ ነበር" ብለህ መጠየቅህ ልክ ነው። የትም አልሄደም። እዚያው ነበር። መውጣት ነው ያቃተው።

ባትሪህን ብትፈታው (አደራ፣ አትፍታው) የተጠቀለሉ ሁለት ረጃጅም ስስ ወረቀቶች ታገኛለህ። አንዱ መዳብ ነው፤ ግራፋይት ተቀብቷል፣ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ማለት ነው። ሌላው አሉሚኒየም ነው፤ ኮባልት ያለበት ጥቁር ዱቄት ተቀብቷል። በሁለቱ መካከል ቀዳዳዎቹ ለዓይን የማይታዩ ስስ ላስቲክ አለ። እንዳይነካኩ የሚለያቸው እሱ ነው። ሁሉም በአንድ ፈሳሽ ርሷል። ፈሳሹ ውሃ አይደለም፤ እሳት ካገኘው የሚቀጣጠል ነው።

ቻርጅ ስታደርግ ሊቲየሙ ከኮባልቱ ይወጣል። በፈሳሹ ውስጥ ዋኝቶ፣ ላስቲኩን አልፎ፣ ግራፋይቱ ውስጥ ይገባል። ግራፋይት ንጣፍ በንጣፍ ነው። መሶብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ አስብ። ሊቲየሙ በአንዱ እንጀራና በሌላው መካከል ይሸጎጣል።

ሊቲየም ከኮባልቱ ሲወጣ ግን ኤሌክትሮኑን ትቶ ነው የሚወጣው። ኤሌክትሮን በፈሳሹ ማለፍ አይችልም። በውጭ፣ በሽቦው ዞሮ መሄድ አለበት። በራሱ ግን ወደዚያ አይሄድም፣ ቻርጀሩ ነው በግድ የሚገፋው። ጉልበት የሚጠራቀመው እዚህ ላይ ነው። ሊቲየም ግራፋይት ውስጥ እንግዳ ነው። ቤቱ ኮባልቱ ጋ ነው። መንገድ ከተከፈተለት ይመለሳል። ሲመለስ ኤሌክትሮኑም በሽቦው ዞሮ ይከተለዋል። መንገዱ ላይ ያንተ ስልክ አለ። ስክሪኑ የሚበራው፣ ካሜራው የሚሠራው ኤሌክትሮኑ በዚያ ሲያልፍ ነው።

አሁን ወደ ደባርቅ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዚያ ማር ከማሰሮ ለመቅዳት ሞክረህ ታውቃለህ? ማሩ አልጎደለም፤ አልወርድም ነው የሚለው። ባትሪው ውስጥ ያለው ፈሳሽም ሲበርደው ይወፍራል፣ ሊቲየሙም ከንጣፉ ለመውጣትም ሆነ ወደ ሌላው ለመግባት ይዘገያል። ዝም ብለህ ሰዓት ብታይበት ይበቃሃል። ካሜራ ስትከፍት ግን ስልኩ በአንዴ ብዙ ይጠይቃል፣ ባትሪው ማድረስ ያቅተዋል፣ ቮልቱ ይወድቃል፣ ስልኩም ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ብብትህ ስር ሲሞቅ ማሩ ላላ። ይኸው ነው።

ሰሊጥ መዝጋቢ (ማክሰኞ፣ 6፡48)

መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ ገብቶኛል። ግን አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ስልኩ አዲስ ነው። እኩል ነው የምንወጣው፣ እኩል ነው የሚበርደን። የሱ አይጠፋም። ብርዱ ብቻ ከሆነ የሱም መጥፋት ነበረበት።

ጡረተኛ መምህር (ማክሰኞ፣ 7፡05)

ጎበዝ። ብርዱ ያጋለጠው ነው እንጂ የጀመረው አይደለም። የጀመረው መተማ ነው።

ግራፋይቱና ፈሳሹ በባሕርያቸው አይስማሙም። ባትሪው ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ግራፋይቱ ላይ ይበላሽና ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ እንደ ቁስል ቅርፊት ነው። ሲይዝ ከስሩ ያለውን ይጠብቃል፣ ፈሳሹ ከዚያ በላይ እንዳይበላሽ ይከለክላል። ሊቲየም ብቻ ያሳልፋል። ያለዚህ ቅርፊት ባትሪው አንድ ሳምንት አይቆይም ነበር።

ችግሩ ቅርፊቱ የሚሠራው ከሊቲየሙ ራሱ መሆኑ ነው። ቅርፊት ውስጥ የገባ ሊቲየም ከዚያ በኋላ አይመላለስም፤ እዚያው ይቀራል። ከፋብሪካው ገና ሳይወጣ ከአሥር እጅ አንድ የሚጠጋው በዚህ ያልቃል። ይሄ ይታሰባል፣ ባትሪው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ግን ቅርፊቱ ማደጉን አያቆምም፣ ይቀንሳል እንጂ። ደግሞ ግራፋይቱ ሲሞላ አሥር በመቶ ያህል ያብጣል፣ ሲወጣለት ይሟሽሻል። ጉልበት ላይ ያለ ቁስል ባጠፍክ በዘረጋህ ቁጥር ቅርፊቱ እንደሚሰነጠቀው ነው። በተሰነጠቀበት አዲስ ቅርፊት ይሠራል፣ እንደገና ሊቲየም ይበላል።

ሁለት ጉዳት በአንድ ጊዜ ማለት ነው። አንደኛ፣ የሚመላለሰው ሊቲየም እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቶሎ ይጨርሳል። ሁለተኛ፣ ቅርፊቱ እየወፈረ መንገዱን ያጠበዋል፤ ስለዚህ በአንዴ ብዙ መስጠት ያቅተዋል። መተማ ላይ አንደኛው ብቻ ነበር የታየህ፣ ሙቀቱ ሁለተኛውን ሸፍኖልህ ነበር። ደባርቅ ላይ መጋረጃው ተገለጠ።

ለምን መተማ ቢባል፣ የቅርፊቱ ሥራ ኬሚስትሪ ነው፣ ኬሚስትሪ ደግሞ ሙቀት ይወዳል። በግምት በየአሥር ዲግሪው ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል የሚባል ልማድ አለ። ፀሐይ የመታው ዳሽቦርድ እጅ ያቃጥላል። በዚያ ላይ 100 ተሞልቶ ሲውል ግራፋይቱ በሊቲየም ተጨናንቋል፣ በሌላው ወገን ያለው ኮባልትም ፈሳሹን ማቃጠል ይጀምራል። ሙቀትና ሙሉ መሆን ሁለቱ ሲገጥሙ ነው ክፉው።

የማራኪዋ (ማክሰኞ፣ 8፡30)

ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ነው የማጠናው። adb የሚባል ፕሮግራም የተጫነበት ላፕቶፕ ካለ ባትሪውን ማየት ይቻላል። ስልኩ ላይ የዴቨሎፐር ሴቲንጉ ውስጥ USB debugging የሚለውን ከፍተህ በገመድ አገናኘውና ይሄን ጻፍ፦

```
adb shell dumpsys battery
```

ከሚወጡት መስመሮች `voltage` የሚለው በሚሊቮልት ነው። `temperature` የሚለው የዲግሪ አሥረኛ ነው፣ 118 ካለ 11.8 ዲግሪ ማለት ነው። ብብትህ ስር ከማስገባትህ በፊትና በኋላ ብታየው አሪፍ ነበር።

ፒያሳ ጠጋኝ (ማክሰኞ፣ 8፡44)

የኔ ቆንጆ ጥሩ ነው፣ ግን ገመዱን ስትሰኪው ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ይጀምራል። ያኔ ቮልቱ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይታያል። ሙቀቱን እመኝው፣ ቮልቱን አትመኚው። ለሱ ቮልት የሚያሳይ አንድ አፕ ጭኖ ያለ ገመድ ቢያይ ይሻላል።

የማራኪዋ (ማክሰኞ፣ 8፡46)

አዎ ልክ ነሽ፣ አላሰብኩትም 🙈

ሰሊጥ መዝጋቢ (ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡20)

አፑን ጫንኩት። ዛሬ ጠዋት ደጅ ሆኜ አየሁ። 11 ዲግሪ፣ 31 ፐርሰንት፣ 3.68 ቮልት። ካሜራውን ከፈትኩ። ቁጥሩ 3.4 ሲል ለቅጽበት አየሁትና ጠፋ።

ከዛ ምድጃ ዳር አስቀምጬ አሞቅሁትና ተነሳ።

ፒያሳ ጠጋኝ (ሐሙስ፣ 1፡35)

ምድጃ ዳር?! አንተ ልጅ!

ብብት ጥሩ ነው፣ ኪስ ጥሩ ነው፣ ጋቢ ጥሩ ነው። እሳት ዳር አይሆንም። አንዱ ጎን ብቻ ይግላል፣ ያ ላስቲክ መጋረጃ ደግሞ ብዙ ሙቀት አይችልም። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ያበጠ ባትሪ ይዞልኝ መጣ። አየሩን ላስወጣለት ብሎ በመርፌ ሊወጋው ነበር፣ እጁን ያዝኩት። የሚያብጠው ፈሳሹ ሲበላሽ ጋዝ ስለሚሆን ነው። መርፌው ሁለቱን ወረቀቶች ካገናኛቸው ያለው ጉልበት በሙሉ በአንዴ እዚያ ነጥብ ላይ ይወጣል። ሱቁን ከነእኔ ነበር የሚያነደው። የስልካችሁ ጀርባ ከፍ ከፍ ካለ፣ ስክሪኑ ከዳር ከተላቀቀ፣ ቻርጅ ማድረግ አቁሙና አምጡት።

ሌላም አለ። ከውጭ እንደገባህ፣ ስልኩ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ሳለ አትሰካው። መጀመሪያ ይሙቅ።

የአዘዞ ልጅ (ሐሙስ፣ 1፡50)

ይሄን ደግሞ ለምን? ብርድ ለባትሪ ጥሩ ነው ሲባል ነው የምሰማው። ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጡ አሉ።

ጡረተኛ መምህር (ሐሙስ፣ 2፡25)

ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ቦታቸው ግን ይለያያል። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ባትሪ ቅዝቃዜ ጥሩ ነው፣ ቅርፊቱ ቀስ ብሎ ያድጋል። ቢሆንም ስልክ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት አልመክርም፣ ስታወጣው ውስጡ ጤዛ ይይዛል።

ቻርጅ ማድረግ ግን ሌላ ነው። ባትሪው ራሱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን ሊቲየሙ ወደ እንጀራው ንጣፍ ለመግባት ይዘገያል። ቻርጀሩ ግን መግፋቱን አይተውም። ያኔ ሊቲየሙ መግቢያ ሲያጣ ግራፋይቱ ላይ እንደ ብረት ተለጥፎ ይቀራል። ከተለጠፈው ብዙው አይመለስም። ሲብስም እንደ እሾህ አድጎ ላስቲኩን ሊወጋ ይችላል። ብዙ ስልኮች በጣም ሲቀዘቅዙ ቻርጅ አልቀበልም የሚሉት ለዚህ ነው። ርካሽ የሆነ ፓወር ባንክና የሶላር መብራት ግን ይህን መከላከያ ሁልጊዜ አይኖረውም።

በነገራችን ላይ የዚህ ባትሪ ሥራ በፈረንጆቹ 2019 ኖቤል አስገኝቷል፣ ለሦስት ሰዎች፤ ለዊቲንግሃም፣ ለጉዲናፍና ለዮሺኖ። ሶኒ ለገበያ ያቀረበው በ1991 ነበር። ጉዲናፍ ሽልማቱን ሲቀበሉ 97 ዓመታቸው ነበር። እኔ በ60 ጡረታ ወጥቼ ሽማግሌ ተባልኩ።

ባጃጅ ሹፌር (ሐሙስ፣ 2፡40)

መምህር የኔንም ይመልሱልኝ እንጂ። ዛሬም አስገፋሁ።

ጡረተኛ መምህር (ሐሙስ፣ 2፡58)

ይቅርታ ልጄ፣ አልረሳሁህም። ያንተ ባትሪ ሊቲየም አይደለም፣ የእርሳስ ብረትና የአሲድ ነው። ጠባዩም ተቃራኒ ነው። የስልኩ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መዋል ይጎዳዋል፣ ያንተን የሚገድለው ደግሞ ባዶ ሆኖ መዋል ነው። ሲወጣለት ሁለቱም ሰሌዳዎች ላይ ነጭ ጨው ይይዛል። ቶሎ ከሞላህው ጨው ይሟሟል። ሳምንት ከተውከው ይደነድንና አልመለስም ይላል።

አሲድ አትጨምር! ከውስጡ በኖ የሚያልቀው ውሃው ነው፤ አሲዱ እዚያው ነው። የተጣራ የባትሪ ውሃ፣ ሰሌዳዎቹን እስኪሸፍን። የቧንቧ ውሃም አይሆንም። ከዚያ በደንብ አስሞላውና ሌሊቱን ሞተሩ ሳይነካ አሳድረው። ጠዋት በቴስተር ለካው። 12.6 ወይም ትንሽ ከፍ ካለ ደህና ነው። ወደ 12 ከወረደ ወይ አልሞላም፣ ወይ ሌሊት የሚበላው ነገር አለ፣ ወይ ባትሪው አብቅቶለታል።

ፒያሳ ጠጋኝ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡15)

ሰሊጥ መዝጋቢ መጥቶ ነበር፤ ፈቅዶልኛል፣ ውጤቱን ልጻፍላችሁ።

ባትሪውን ሞልቼ በአንድ አምፔር እያወጣሁ ለካሁት። 4000 የተባለው 2680 ሰጠ። ከሦስት እጅ ሁለቱ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ "31 ፐርሰንት" ስትል፣ 31 ፐርሰንት ከምን? ከ2680 ነው። 830 አካባቢ። አዲስ እያለ 31 ፐርሰንት 1240 ነበር። ቁጥሩ ያው ነው፣ ነገሩ ግን ሌላ።

ዋናው ግን ይሄ አይደለም። አንድ አምፔር ስጭንበት ቮልቱ ወዲያው በ0.24 ወረደ። ተመሳሳይ አዲስ ባትሪ ላይ ስሞክር በ0.08 ብቻ ነው የወረደው። መምህር የጠበበ መንገድ ያሉት ይሄ ነው። ሦስት እጥፍ ጠቧል።

እኔ እዚህ ድረስ ነው የማውቀው። ደባርቅ ላይ ለምን እንደሚጠፋ ሂሳቡን መምህር ይሥሩት።

ጡረተኛ መምህር (ቅዳሜ፣ 10፡00)

ሂሳቡ ረጅም አይደለም። እህቴ የለካችው በሱቋ ሙቀት ነው። በብርድ የመንገዱ ጥበት እጥፍም ከዚያም በላይ ይሆናል። እጥፍ ብቻ እንበል። በአንድ አምፔር 0.24 የነበረው 0.48 ይሆናል። ካሜራ ሲከፈት ስልኩ አንድ አምፔር ያህል ቢስብ፣ ልጁ ካየው 3.68 ላይ 0.48 ስትቀንስ 3.2 ይቀራል። ብዙ ስልኮች 3.3 ወይም 3.2 አካባቢ ሲደርሱ ይጠፋሉ። እሱም ለቅጽበት ያየው 3.4ን ነው፤ የሚቀጥለው ቁጥር ሳይጻፍ ጠፋ።

አዲሱን ባትሪ በዚያው ብርድ አስቡት። 0.08 እጥፍ ሲሆን 0.16። ከ3.68 ሲቀነስ 3.52። ካሜራው ይከፈታል። የጓደኛው ስልክ የማይጠፋው ለዚህ ነው።

የማራኪዋ (ቅዳሜ፣ 10፡12)

ዋው። እና አሁን 80 ላይ እንዲቆም ማድረግ ነው መፍትሔው? የኔ ስልክ ሴቲንጉ አለው።

ፒያሳ ጠጋኝ (ቅዳሜ፣ 10፡20)

እኔ በዚህ ከመምህር ጋር አልስማማም፣ ቀድሜ ልናገር። ከ100 ውስጥ 20ውን እንዳያልቅ ብዬ ዛሬውኑ ልተወው? ያው ጎደለብኝ! መብራት በሚጠፋበት ከተማ ሰው 100 ሞልቶ መውጣት አለበት። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ሙቀቱን ቀንሱ። ትራስ ስር አታድርጉ፣ ፀሐይ ላይ አትተዉ፣ ስትሰኩ ወፍራሙን ከቨር አውልቁ። ከሚመጣልኝ ባትሪ አብዛኛውን የጨረሰው ሙቀት ነው።

ጡረተኛ መምህር (ቅዳሜ፣ 10፡41)

አልተጣላንም እህቴ። ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ለሚያድር ሰው 80 ጥሩ ነው። መንገድ ለሚወጣ ይሙላው። ጉዳቱ ያለው 100 በመድረሱ ላይ ሳይሆን 100 ሆኖ ለሰዓታት በመቆየቱ ላይ ነው። ሞልቶ ወዲያው የሚወጣለት ብዙም አይጎዳም።

ፒያሳ ጠጋኝ (ቅዳሜ፣ 10፡50)

እሺ፣ በዚህ ግማሽ ተስማማን።

የአዘዞ ልጅ (ቅዳሜ፣ 11፡30)

እህቴ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ገበያ ላይ ለኔ ስልክ 5000 የሚል ባትሪ አገኘሁ። የፋብሪካው 4000 ነው። ልግዛው? ከሱ የተሻለ ነው አይደል?

ፒያሳ ጠጋኝ (ቅዳሜ፣ 11፡44)

ቁመቱ ወርዱ ውፍረቱ ያው ነው? ያው ከሆነ ያ ትርፍ ሊቲየም የት ተቀመጠ? በአንድ መሶብ ውስጥ የሚገባው እንጀራ ልክ አለው። እኔ የማደርገው፣ ሁለቱንም በሚዛን አስቀምጣለሁ። ከዚህ በፊት "5000" የሚለው ከ"4000"ው ቀልሎ አይቻለሁ። ሁሉም ውሸት ነው አልልም። ሳትለካ ግን ለተጻፈው ቁጥር አትክፈል። እኔ ለመዝጋቢው ያስገባሁለት አዲሱ ባትሪ ራሱ 4000 ይላል፣ ሲለካ 3720 ነው የሰጠኝ። ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሎ ነው የወሰደው።

ሰሊጥ መዝጋቢ (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡05)

ደባርቅ ነኝ። ዛሬ 9 ዲግሪ ነው ስልኩ። 33 ፐርሰንት፣ 3.71 ቮልት። ካሜራ ከፈትኩ፣ 3.5 አካባቢ ወርዶ ቆመ። አልጠፋም! ሁለት ፎቶ አነሳሁ፣ ጭጋግ ብቻ ነው የሚታየው ግን ይሁን።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ መተማ መጋዘን ውስጥ ፓወር ባንክ ሞልቼ ትቼ መጥቻለሁ፣ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ልጆቹ ሊልኩልኝ ነው፣ ልቀበለው? ሁለተኛ፣ የድሮውን ባትሪ እህቴ "ይዘኸው ሂድ ወይ ተወው" አለችኝና ትቼላት መጣሁ። የት ነው የሚጣለው እንዲህ ያለ ነገር?

ፒያሳ ጠጋኝ (ረቡዕ፣ 1፡30)

ፓወር ባንኩን በአውቶቡስ እንዳይልኩት! መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ይዩት። ጠፍጣፋ ነው ወይስ ይወዛወዛል? ሆዱ ከተነፋ አይንኩት። ጠፍጣፋ ከሆነ አምጣልኝ፣ እለካዋለሁ።

የድሮውን ባትሪ አፉን በፕላስተር አሽጌ አሸዋ ባለው ጣሳ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ጣሳው ሊሞላ ነው። እኔም የምወስድበት ቦታ እየፈለግሁ ነው፤ የሚያውቅ ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ግን አልጥለውም፣ ልጆች ይቆፍሩታል።

ባጃጅ ሹፌር (ረቡዕ፣ 2፡10)

መምህር 12.1 ነው ያለው። ለካሁት ብዬ ስደሰት... የራዲዮው መብራት ሌሊቱን በርቶ ነው ያደረው 😅 ዛሬ ማታ ነቅዬ ነገ እንደገና እለካለሁ።

ጡረተኛ መምህር (ረቡዕ፣ 2፡18)

ነገ ማታ ሳይሆን ጠዋት፣ ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት ለካው። ቁጥሩን እዚህ ጻፍልኝ።